ለየትኛው ቁስል የትኛው ድሬሲንግ? የቁስል እንክብካቤ የጥናት ማስታወሻ

ስለ ድሬሲንግ ማንበብ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚያደናግራችሁ የስሙ ብዛት ነው። ጎዝ፣ ፊልም፣ ሃይድሮኮሎይድ፣ ፎም፣ አልጂኔት፣ ሃይድሮጄል፣ ደግሞ ሲልቨር ያለበት፣ አዮዲን ያለበት። ብዙ ተማሪ ዝርዝሩን ለፈተና በቃሉ ይይዘዋል። ታካሚው እግሩን ዘርግቶ ፊቱ ሲቀመጥ ግን ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል።

እኔ የማስተምረው በሌላ በኩል ገብቼ ነው። እነዚህ ሁሉ ድሬሲንጎች የሚለያዩት በዋናነት በአንድ ነገር ነው፤ የቁስሉን ፈሳሽ ምን ያደርጉታል? አንዱ ይመጠዋል። አንዱ ባለበት ያቆየዋል። አንዱ ደግሞ ለደረቀ ቁስል ውሃ ይሰጣል። ቁስሉ የሚያወጣው ፈሳሽ ደግሞ እንደደረሰበት ደረጃ ይለዋወጣል። ስለዚህ ለአንድ ቁስል አንድ ድሬሲንግ ተመርጦ እስኪድን አይቀጠልበትም። ቁስሉ በተከፈተ ቁጥር ምርጫው እንደገና ይታያል።

እዚህ የማወራው ስፌት ስለሌለው፣ ከታች ወደ ላይ ሞልቶ ስለሚድን ክፍት ቁስል ነው። ንጹህ ሆኖ የተሰፋ ቁስል ብዙ ምርጫ አያስፈልገውም። ቃጠሎ ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው።

ደረጃዎቹ ለምርጫው ምን ይነግሩናል?

የመጀመሪያው ደረጃ ደም ማቆም ነው። በደቂቃዎች ውስጥ የደም ስሮች ይጠባሉ፣ ፕሌትሌቶች ይሰበሰባሉ፣ ደሙ ይረጋል። ከዚያ ብግነት ይከተላል። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን ይዋጋሉ። ቀጥሎ ማክሮፌጆች መጥተው የሞተውን ያጸዳሉ፣ ለቀጣዩ ሥራም ምልክት ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ ቁስሉ ዙሪያው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ በመጠኑ ያብጣል፣ ያማል፣ ፈሳሽም ያወጣል። ጤናማ በሆነ ሰው፣ አዲስ ቁስል ላይ ይህ እስከ አራተኛ ወይም አምስተኛ ቀን ድረስ የሚጠበቅ ነው።

ሦስተኛው የግንባታ ደረጃ ነው። ከአራተኛው ቀን አካባቢ ይጀምርና ለሳምንታት ይቀጥላል። ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ኮላጅን ይሠራሉ፣ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ስሮች ይበቅላሉ፣ የቁስሉ ወለል ቀይና ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ሥጋ ይሞላል። ይህ ግራኑሌሽን ነው። ከጠርዙ ደግሞ የቆዳ ሴሎች ወደ መሃል ይሄዳሉ። የድሬሲንግ ምርጫ በጣም ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሴሎች የሚጓዙት እርጥበት ባለው ወለል ላይ ነው። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ከያዘ፣ ከቅርፊቱ ሥር እርጥብ ቦታ እየፈለጉ መሹለክ አለባቸው። በ1962 ጆርጅ ዊንተር በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ጥናት፣ በፊልም ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ከደረቀው ሁለት እጥፍ ያህል ፈጥኖ በአዲስ ቆዳ ተሸፍኗል። “ቁስል አየር ያግኝ፣ ይድረቅ” የሚለው ምክር ዛሬም በየቤቱ ይሰማል። ታካሚዎቻችሁ ይህን ይዘው ስለሚመጡ ለምን እንደማይመከር በትዕግሥት ማስረዳት የሥራው አካል ነው።

አራተኛውን፣ የጠባሳውን መጠንከር፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃዎቹ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀምሩ አይደሉም፤ ይደራረባሉ። በአንድ ቁስል አንዱ ጥግ ላይ ቢጫ የሞተ ሥጋ፣ ሌላው ጥግ ላይ ጥሩ ቀይ ግራኑሌሽን ልታዩ ትችላላችሁ። የቆየ ቁስል ደግሞ ብዙ ጊዜ ብግነቱ ላይ ተቀርቅሮ የቀረ ነው። የእንደዚህ ያለ ቁስል ፈሳሽ አዲስ የተሠራውን ኮላጅን የሚበሉ ኢንዛይሞች ይበዙበታል። እርጥበት ጥሩ ነው ማለት ቁስሉ በፈሳሽ ይዋኝ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

ፓኬት ከመክፈት በፊት

በመጀመሪያ ያወጣችሁትን አሮጌ ድሬሲንግ ተመልከቱ። ቶሎ ወደ ቆሻሻ አትጣሉት። ስንት ቀን ቆየ? ደርቆ ተጣብቋል? ግማሹ ነው የራሰው? ወይስ ዘልቆ ፋሻውን አበስብሷል? የፈሳሹን መጠን የሚነግራችሁ ይህ ነው። ቀጥሎ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ቆዳ እዩ። ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ጣት ነጣ ብሎ ከተጨማደደ እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው።

ከዚያ ቁስሉን እጠቡት። ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም 0.9 በመቶ የጨው ውሃ፣ ይበቃል። ለመጠጥ የሚሆን ንጹህ ውሃም ይሠራል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አረፋ ስለሚያወጣ ያጸዳ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሱን ሥጋ የሚሠሩትን ሴሎችም ይጎዳል። ለዘወትር እጥበት አይሆንም።

ወለሉን ማየት ያለባችሁ ከታጠበ በኋላ ነው። ጥቁር ከሆነ የደረቀ የሞተ ሥጋ ነው። ቢጫና ልፍስፍስ ከሆነ እርጥብ የሞተ ሥጋ ነው። ቀይ ከሆነ ግራኑሌሽን፣ ሮዝ ከሆነ አዲስ ቆዳ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን ለኩና ጻፉ። ያልተለካ ቁስል ሲሻለውና ሲብስበት መለየት አይቻልም፤ “ደህና ይመስላል” የሚል ማስታወሻ ለቀጣዩ ሰው ምንም አይነግረውም።

ምርጫዎቹን ጎን ለጎን

ደረቅ ጎዝ የትም ይገኛል። ችግሩ በቀጥታ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ይጣበቃል፣ ሲነሳም አዲሱን ቆዳ ይዞት ይመጣል። ታካሚው የሚጮኸውም ለዚህ ነው። እርጥብ ጎዝ አድርጎ ሲደርቅ መንቀል የሞተ ሥጋ ያወጣል፤ ሕያውን ከሙቱ ግን አይለይም። ጎዝ ጥሩ የሚሆነው ከሌላ ድሬሲንግ በላይ እንደ ሽፋን ሲሆን ነው። ያላችሁ ጎዝ ብቻ ከሆነ ከሥሩ በቫዝሊን የተነከረውን የማይጣበቅ ጎዝ አንጥፉ። እሱም ቢሆን ቀናት ከቆየ ይደርቅና ሥጋው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይበቅላል፤ በየአንድ ሁለት ቀኑ ይቀየር። የተጣበቀ ነገር በደረቁ አይነቀልም። ሳላይን አፍስሱበትና ጠብቁ።

ፊልም ስስ፣ የሚያሳይ፣ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው። ፈሳሽ ጨርሶ አይመጥም። ላይ ላዩን ለተላጠ፣ ፈሳሽ ለሌለው ቁስል ወይም ለሌላ ድሬሲንግ መያዣ ይሆናል። ከሥሩ ፈሳሽ ከተጠራቀመ ለዚያ ቁስል አይሆንም፤ ሌላ ምረጡ።

በፈተናም በሥራም ብዙ ጊዜ የሚምታቱት ሃይድሮኮሎይድና ፎም ናቸው። ሁለቱም እርጥበት ይጠብቃሉ፣ ሁለቱም ለቀናት ይቆያሉ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ሃይድሮኮሎይድ ራሱ የሚለጠፍ ሲሆን ፈሳሽ ሲያገኝ ወደ ጄል ይለወጣል። ትንሽ ወይም መካከለኛ ፈሳሽ ላለው፣ ጥልቀት ለሌለው፣ ንጹህ ቁስል ነው የሚሆነው። ከቁስሉ ጠርዝ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ማለፍ አለበት። ካልፈሰሰ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ፎም ደግሞ ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይመጥና ይይዘዋል፤ ለመካከለኛና ለበዛ ፈሳሽ ይሆናል። በተጨማሪ ጫና ያለዝባል።

ሃይድሮኮሎይድ አንድ የሚያስደነግጥ ጠባይ አለው። ስታነሱት ከሥሩ ቢጫ፣ የሚዝለገለግ፣ የሚሸት ነገር ታገኛላችሁ። አዲስ ተማሪ መግል ነው ብሎ ይመዘግባል። የድሬሲንጉ ጄል ነው። መጀመሪያ ታጥቦ ከዚያ ይሸተት፣ ይታይ። ከታጠበ በኋላም ሽታው ካለ ያኔ ቁም ነገር ነው።

ሃይድሮኮሎይድ ቁስሉን አፍኖ ስለሚዘጋ ኢንፌክሽን ያለበት ወይም የሚጠረጠር ቁስል ላይ አይደረግም። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው እግር ላይም ከፍቶ ማየቱ ለቀናት ስለሚዘገይ እኔ እርቀዋለሁ። ቆዳው እንደ ወረቀት የሳሳ አረጋዊ ላይ ደግሞ ሙጫው ቆዳ ይዞ ሊነሳ ይችላል። እዚያ ላይ ጠርዙ ሲልከን የሆነ ፎም ይሻላል፤ ሲልከን ቀስ ብሎ ይላቀቃል።

አልጂኔት ከባሕር አረም የሚሠራ ነው። ደረቅ ሆኖ ሲመጣ እንደ ጥጥ ይለሰልሳል። በውስጡ ያለው ካልሲየም ከቁስሉ ፈሳሽ ሶዲየም ጋር ይለዋወጥና ጄል ይሆናል። ብዙ ፈሳሽ ላለው፣ ጥልቀት ላለው፣ በቀላሉ ለሚደማ ቁስል ጥሩ ምርጫ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ስለሚያብጥ ላላ ተደርጎ ነው የሚሞላው፤ ጠቅጥቆ መሙላት ሥጋውን ይጫነዋል። ከላይ ሽፋን ይፈልጋል። ገደቡ ግልጽ ነው፤ ፈሳሽ ከሌለ አይሠራም። በለውጥ ጊዜ ደርቆ ካገኛችሁት ጊዜው አልፏል፣ ወደ ፎም ተሻገሩ።

ሃይድሮጄል የእነዚህ ተቃራኒ ነው። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ደረቅ የሞተ ሥጋን አራርሶ ሰውነት ራሱ እንዲያላቅቀው ይረዳል። እርጥብ ቁስል ላይ ከተደረገ ግን ዙሪያውን ቆዳ ያበሰብሳል። እዚህ ላይ የማይረሳ ነገር አለ። የደም ዝውውሩ ደካማ የሆነ እግር ጣት ወይም ተረከዝ ላይ ያለ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ዙሪያው የተረጋጋ ጥቁር ቅርፊት አይራስም። ቅርፊቱ እንደ ክዳን እየጠበቀው ነው። ደም በበቂ ሳይደርስ ከራሰ ለባክቴሪያ በር ይከፈታል። ደረቁን ይጠበቅና የደም ስር ሐኪም ይየው።

በአንድ ቁስል ላይ ስንሠራው

እንበል፣ የ62 ዓመት እናት ናቸው። ቅልጥማቸው ከአልጋ ብረት ጋር ተጋጭቶ ቆዳው ተገሸለጠ፣ የተገሸለጠው ቆዳም ሞተ። ወደ እኛ የመጡት በ10ኛው ቀን ነው። ቁስሉ 4 በ3 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሚሊሜትር ያህል። ከወለሉ ሁለት ሦስተኛው ቢጫ፣ የቀረው ቀይ ነው። ትናንት የተደረገው ጎዝ ዛሬ ዘልቋል፤ ጠርዙ ላይ ቆዳው ነጣ ብሏል። ስኳር የለባቸውም። የእግራቸው የደም ምት በእጅ ይገኛል። እግራቸው ማታ ማታ ያብጣል።

ፊልም ወዲያው ከምርጫው ይወጣል፤ ፈሳሽ አይመጥም። ሃይድሮኮሎይድ በአንድ ቀን ያፈስና የነጣውን ቆዳ ያበሰብሰዋል። የሞተ ሥጋ ስላለ ብቻ ሃይድሮጄል የሚመርጥ ተማሪ ይኖራል። ግን ቁስሉ ውሃ አልጎደለውም፣ እንዲያውም በዝቶበታል። ፎም ብቻውን ይችለው ይሆናል፤ ነገር ግን 4 ሚሊሜትር ጉድጓድ ስላለ ከወለሉ ጋር የሚነካካ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ አልጂኔት ላላ ተደርጎ ከሥር፣ ፎም ከላይ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቆዳ ጠባቂ ቅባት። ለውጥ በየሁለት ቀኑ። አልጂኔቱ ጄል ሲሆን ቢጫውን ሥጋ ለማላቀቅም ይረዳል።

እብጠቱ ሳይነካ ግን ይህ ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ፈሳሹ የሚመጣው ካበጠው እግር ጭምር ነው። እግር ከፍ ማድረግ ይረዳል። ጠበቅ ያለ የመጭመቂያ ፋሻ የበለጠ ይረዳል፤ ከዚያ በፊት ግን የቁርጭምጭሚትና የክንድ የደም ግፊት ተለክቶ መወዳደር አለበት። በእግሩ ያለው የደም ዝውውር ደካማ ከሆነ ፋሻው ራሱ ይጎዳል። የእሳቸው ልኬት ደህና ሆነና ፋሻው ተጀመረ።

በ17ኛው ቀን ቁስሉ 3.7 በ2.8 ሆኗል። ቢጫው ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዷል፣ አልጂኔቱ በሁለተኛው ቀን ግማሹ ደረቅ ሆኖ ወጣ። መልእክቱ ግልጽ ነው። አልጂኔቱ ቀረና ፎም ብቻ፣ በየሦስት ቀኑ ሆነ።

በ24ኛው ቀን ነገሩ ተቀየረ። ቁስሉ 3.7 በ2.9 ነው፤ አልቀነሰም። ፎሙ በሁለተኛው ቀን አፍስሷል። ያለፈው ሳምንት ሮዝ ቀይ የነበረው ወለል ጠቆር ያለ ቀይ ሆኗል፣ ሲታጠብ በትንሽ ንክኪ ይደማል። እሳቸውም “ተሽሎኝ ነበር፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሌሊት ይጠዘጥዘኛል” አሉ። ትኩሳት የለም። መግልም የለም።

ይህን ቁስል ለተማሪዎች ሳቀርብ ብዙዎቹ “ኢንፌክሽን የለውም” ይላሉ። መግልና ትኩሳት እየጠበቁ ነው።

የኢንፌክሽን የመጀመሪያ ምልክቶች

በመጀመሪያ፣ ክፍት ቁስል ሁሉ ባክቴሪያ አለበት። ባክቴሪያው ሳይጎዳ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ስዋብ ተወስዶ ባክቴሪያ መብቀሉ ብቻውን ኢንፌክሽን አለ አያሰኝም። ኢንፌክሽን የሚታወቀው በማየት፣ በመዳሰስና በመጠየቅ ነው። ስዋብ የሚረዳው ኢንፌክሽን መኖሩን ከወሰናችሁ በኋላ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለማወቅ ነው። ያኔም ቁስሉ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ከዚያ ስዋቡ ንጹሁ ቀይ ሥጋ ላይ ጫን ተደርጎ ይሽከረከራል። ከመግሉ ወይም ከአሮጌው ድሬሲንግ የተወሰደ ስዋብ የላዩን ባክቴሪያ ብቻ ያሳያል።

በአዲስ ቁስል ላይ የሚከብደው ጤናማውን ብግነት ከኢንፌክሽን መለየት ነው። ሁለቱም ያቀላሉ፣ ያሞቃሉ፣ ያሳብጣሉ፣ ያሳምማሉ። እኔ የምመለከተው አቅጣጫውን ነው። ጤናማ ብግነት ከሁለተኛ ሦስተኛ ቀን በኋላ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ኢንፌክሽን እየጨመረ ይሄዳል፣ ወይም ቀንሶ የነበረው እንደገና ይነሳል። አምስተኛ ቀን ላይ ከሦስተኛው ቀን የበለጠ የሚያም ቁስል ዝም አይባልም። አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መፍረድ ስለሚያስቸግር ነው ያለፈው ማስታወሻ የሚያስፈልገው።

የቆየ ቁስል ላይ ደግሞ ግልጹ ምልክት ከመምጣቱ በፊት ስውሮቹ ይቀድማሉ። አዲስ ወይም የተለወጠ ሕመም ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ነው። ፈሳሹ ያለ ምክንያት ይጨምራል። ግራኑሌሽኑ ይጠቁራል፣ ይለፈሰፈሳል፣ በቀላሉ ይደማል፤ አንዳንዴ ከቆዳው በላይ ያብጣል። ወለሉ ላይ ትንንሽ ኪሶች ይከፈታሉ ወይም ስስ ቆዳ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ከሥሩ ባዶ ይሆናል። እየጠበበ የነበረው ይቆማል። ሽታ አዲስ ይመጣል። አንዱ ብቻ ከታየ በቅርብ መከታተል ይበቃ ይሆናል። ሁለት ሦስቱ አብረው ከመጡ እንደ ኢንፌክሽን ይያዝ። እኚህ እናት አራቱ አሉባቸው፤ ሕመም፣ ፈሳሽ፣ የሚደማ ወለል፣ የቆመ መጠን።

መቅላትን በተመለከተ ብዙ መጽሐፍ የነጣ ቆዳ ፎቶ ነው የሚያሳየው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቀለሙ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ግራጫ ያደላ፣ አንዳንዴ የሚያብረቀርቅ ይሆናል። ስለዚህ ከሌላኛው እግር ጋር አወዳድሩ። በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን፣ በጣታችሁ ጥንካሬውንና እብጠቱን ዳስሱ። “ቀይ አይደለም” ብሎ ማለፍ ብዙ ኢንፌክሽን ያሳልፋል።

ምልክቱ በጭራሽ የማይታይባቸው ሰዎችም አሉ። የስኳር ሕመም ነርቭ የጎዳው እግር አያም። አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ትኩሳት ላያወጡ ይችላሉ። ስኳሩ ያለ ምክንያት አልቆጣጠር ያለ ወይም ድንገት ግራ የተጋባ ታካሚ ካለ ቁስሉን ክፈቱና እዩ።

ኢንፌክሽን ሲኖር ምርጫው እንዴት ይቀየራል?

በመጀመሪያ ኢንፌክሽኑ የት ድረስ እንደሄደ መለየት ነው። ቁስሉና ጠርዙ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በደንብ ማጠብ፣ የሞተውን ሥጋ ማንሳት፣ ለውጡን ማዘውተርና ባክቴሪያን የሚቀንስ ድሬሲንግ መጠቀም ይቻላል። መቅላቱ ከጠርዙ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከተስፋፋ፣ ወይም በእግሩ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ከታየ፣ ወይም ንፍፊት ካበጠ ድሬሲንግ ብቻውን አይበቃም። ሐኪም አንቲባዮቲክ ማዘዝ አለበት። የመቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉ። መስመሩን ከተሻገረ ለሚቀጥለው ሰው ጥያቄ አይሆንበትም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ግራ መጋባት ከተጨመረ ድንገተኛ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሌላ ነው። የሚታየው ቁስል ትንሽ ሆኖ ሕመሙ ከልክ በላይ ከሆነ፣ ቆዳው በሰዓታት ውስጥ ወደ ሐምራዊ ከተለወጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ሲነካ ከሥሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ካለ፣ የትኛውን ድሬሲንግ ልምረጥ የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ሥጋን የሚበላ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያው መሄድ አለበት።

ባክቴሪያ ከሚቀንሱት መካከል ሲልቨር፣ አዮዲንና ለሕክምና የተዘጋጀ ማር ይገኛሉ። ሲልቨር ብዙ ጊዜ አልጂኔት ወይም ፎም ውስጥ ተጨምሮ ስለሚመጣ ፈሳሹን እንደተለመደው እየመጠጠ ይሠራል። አዮዲን የታይሮይድ ችግር ላለበት ሰው በጥንቃቄ ነው፤ ትልቅ ቁስል ላይ ወደ ሰውነት ይገባል። ማር የሞተ ሥጋና ሽታ ላለው ቁስል ይረዳል፣ ግን ፈሳሽ ወደ ላይ ስለሚስብ ከላዩ በደንብ የሚመጥ ነገር ይፈልጋል፤ አንዳንድ ታካሚ ላይም ያቃጥላል። ከሦስቱ የቱም “ለጥንቃቄ” ተብሎ ንጹህ ቁስል ላይ አይደረግም። ሲጀመር የሚቆምበት ቀን አብሮ ይጻፍ፤ የተለመደው ሁለት ሳምንት ሞክሮ እንደገና መመዘን ነው። ለውጥ ከሌለ ድሬሲንጉን ከመቀያየር በፊት ምክንያቱ ይፈለግ፤ ምናልባት ከሥር የቀረ ባዕድ ነገር፣ የአጥንት ኢንፌክሽን ወይም የደም ዝውውር ችግር አለ።

እኚህ እናት ላይ መቅላቱ ከጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር፣ ትኩሳትም የላቸውም። ስለዚህ ቁስሉ ታጥቦ የቀረው ቢጫ ሥጋ ተነሳ፣ ሲልቨር ያለበት አልጂኔት ተደረገ፣ ከላይ ፎም። ለውጡ በየሁለት ቀኑ ተመለሰ፤ ፋሻው አልቆመም። መቅላቱ ተሰመረ። ሕመሙ ከጨመረ ወይም ካተኮሳቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲመጡ ተነገራቸው።

በ38ኛው ቀን 2.8 በ2 ሴንቲሜትር ሆነ። ሕመሙ ጠፋ፣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ሮዝ ቀይ ነው። ስፋቱን ስናሰላ ከ12 ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 5.6 ወርዷል፤ በአራት ሳምንት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በተገቢው እንክብካቤ አራት ሳምንት ቆይቶ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያልቀነሰ የእግር ቁስል ምርመራው እንደገና መታየት አለበት፤ አንዳንዴ የማይድን የቆየ ቁስል ካንሰር ሆኖ ስለሚገኝ ናሙና ይወሰዳል። የእሳቸው ስለቀነሰ ሲልቨሩ ቆመ፣ ተራ ፎም ተመለሰ።

በ52ኛው ቀን ቁስሉ 1.5 በ1 ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ፈሳሹ ጥቂት ነው። በመጽሐፉ መሠረት ሃይድሮኮሎይድ ይሆናል። የእሳቸው ቆዳ ግን ስስ ነው፤ ሲልከን ጠርዝ ያለው ቀጭን ፎም ተመረጠ፣ በየአምስት ቀኑ። አሁን ትልቁ ሥራ ቶሎ ቶሎ አለመክፈት ነው። በተከፈተ ቁጥር ቁስሉ ይቀዘቅዛል፣ ሴሎቹም ሥራቸውን እስኪቀጥሉ ሰዓታት ይወስዳሉ። በ66ኛው ቀን ተዘጋ።

የቀረው አራተኛው ደረጃ ነው። ሲዘጋ ኮላጅኑ ገና የተመሰቃቀለና ደካማ ነው። በወራት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ፣ በጠንካራው ዓይነት እየተተካ ይደረደራል። ያም ሆኖ ጠባሳው ከነበረው ቆዳ ጥንካሬ ቢበዛ ወደ 80 በመቶ ብቻ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የእኚህ እናት ማስታወሻ የመጨረሻ መስመር ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፤ ቆዳውን በየቀኑ ቅባት መቀባት፣ ቅልጥማቸውን ከግጭት መጠበቅ፣ እብጠቱ ስላለ የመጭመቂያ ካልሲ መቀጠል፣ ቦታው እንደገና ከተከፈተ ወይም ካሳመመ በዚያው ሳምንት መታየት።